መልስ፦ 8 በመቶ አትርፎ ገንዘብ የጎደለው አካውንት

«ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ሳስገባና ሳወጣ ነበር። ሪፖርቱ 8 በመቶ አተረፍክ ይላል፤ ገንዘቤ ግን ጎድሏል። እንዴት?»

ሪፖርቱ በጊዜ የተመዘነ ትርፍ ይመስለኛል። በ1,000 ጀመርክ እንበል። በስድስት ወር 20 በመቶ አድጎ 1,200 ሆነ። ያኔ ሌላ 1,200 ጨመርክ። ከዚያ 2,400ው 10 በመቶ ወርዶ 2,160 ቀረ።

በጊዜ የተመዘነው ስሌት ስንት እንዳስገባህ አያይም። 1.2ን በ0.9 አባዝቶ 1.08 ያገኛል፤ 8 በመቶ ትርፍ። ኢንቨስትመንቱን ከሌላ ጋር ለማወዳደር ይሄ ነው የሚሻለው።

በገንዘብ የተመዘነው ግን ብዙው ገንዘብህ የገባው ልክ ከመውረዱ በፊት መሆኑን ይቆጥራል። 2,200 አስገብተህ 40 ጎድሎብሃል። የኋለኛው 1,200 የሠራው ግማሽ ዓመት ብቻ ስለሆነ አማካይ ገንዘብህ 1,600 ነው። 40ን ለ1,600 ስታካፍል ኪሳራህ 2.5 በመቶ ይመጣል። ያወጣኸውንም እንዲሁ ከወጣ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በቀረው ጊዜ መዝነህ ከአማካዩ ገንዘብ ትቀንሳለህ።