ሙት ዓመቱ ሲደርስ ልጻፍላት ወይስ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ የልጅነት ጓደኛ አለችኝ። እናቷ ያረፉት በ2016 ዓ.ም. መስከረም 5 ነው። እሷ ግን መርዶውን የሰማችው በደመራ ዕለት፣ በስልክ ነው። ለቀብርም አልመጣችም። እናቷ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ፤ በረካውን ሳልጠጣ ከቤታቸው አያስወጡኝም ነበር። ከአርባው በኋላ ግን ስለሳቸው አንስቼባት አላውቅም። አሁን ሙት ዓመቱ ሊደርስ ነው። ብጽፍላት ሐዘኗን እቀሰቅስባታለሁ ብዬ ፈራሁ። ያለችው ሰው አገር፣ ብቻዋን ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጻፊላት። ሐዘኗ ተኝቶ አንቺ የምትቀሰቅሺው አይምሰልሽ። መስከረም ሳይጠባ ጀምራ ቀኑን እየቆጠረች ነው። አንቺ ዝም ስላልሽ ቀኑ አያልፋትም። ብቻዋን ታሳልፈዋለች እንጂ።

ቤተ ክርስቲያናችን የሞተውን ሰው ቀን እየቆጠረች ነው የምታስበው። ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት ትላለች። ማስታወስ ኀጢአት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ቀን ባልሠራች ነበር። አንዳንድ ሰው «ዓመት ሞላው፣ ጥቁሩም ወለቀ፣ ከዚህ በኋላ ማልቀስ ነውር ነው» ይላል። ይህ የሰፈር ሕግ ነው። የተከለከለው ፊት መንጨት፣ ሥጋ መተልተል፣ ተስፋ መቁረጥ ነው። ጌታም ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ አልቅሷል።

እዚያው የአልዓዛር ታሪክ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምን እንደምትጽፊ ይነግርሻል። ማርታና ማርያም ለጌታ የተናገሩት አንድ ዓይነት ቃል ነው፦ «አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተ ነበር።» የተሰጣቸው መልስ ግን ይለያያል። ለማርታ ስለ ትንሣኤ አስተማራት። ማርያም እግሩ ሥር ወድቃ ስታለቅስ ግን ትምህርት አልጀመረላትም። «ወዴት አኖራችሁት?» ብሎ ጠየቀ፣ ከዚያም አለቀሰ። ጓደኛሽ ስለ ትንሣኤ መስማት ከፈለገች አንድ ቀን ራሷ ትጠይቅሻለች። የሙት ዓመቱ መልእክት ግን ስብከት አይሁን። ጥቅስ በሥዕል አሳምረሽም አትላኪ። እኛ መምህራን ራሳችን ይህን እናበዛለን።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ2016 መስከረም 5 በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 16 ላይ ነበር የዋለው፤ ከዚያ በፊት ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች። በ2017 ግን መስከረም 5 ሴፕቴምበር 15 ላይ ይውላል። ስልክሽ ሴፕቴምበር 16 ላይ «አስታውሺ» ብሎ ቢጮህ ቀኑ አልፏል ማለት ነው። ደግሞ እሷ የምታስታውሰው በቁጥሩ ላይሆን ይችላል። ወር በገባ በአምስት አቦ ነው። «እናቴ በአቦ ቀን ነው ያረፈችው» ብላ ከያዘችው፣ በየወሩ አቦ ሲመጣ ልቧ ይሄዳል። ስለዚህ የፈረንጁን ትተሽ አቦን ያዢ።

ቀኑን ብቻ ጠብቀሽ ግን ድንገት አትላኪባት። ሳምንት ሲቀረው አንድ አጭር ጥያቄ ላኪ፦ «የእማማን የክርስትና ስም ላኪልኝ። ለሙት ዓመታቸው ለካህኑ ልሰጥላቸው ነው።» ይህ ጥያቄ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛ፣ ስሙ በእውነት ያስፈልግሻል። ለሞተ ሰው ሲጸለይ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ወለተ ማርያም ይሁን ወለተ ሥላሴ ካላወቅሽ በቤት ስማቸው ማስጠራት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ቀኑን እንዳልረሳሽው ታውቃለች። ወሬውን ለመክፈት የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ቃል ነው፤ እሱ በዚህ ተከፈተ። ያን ጊዜ ማልቀስ ከፈለገች ታለቅሳለች። ስሙን ብቻ ልካ ዝም ማለት ከፈለገችም መንገድ አላት። «አሁን አትንገሪኝ፣ አልችልም» ካለችሽ ግን እሺ በያት፣ ስሙን ከእኅቷ ጠይቂ፣ ጸሎቱን በዝምታ አስደርጊ።

ቤተሰቡ ተዝካር እያዘጋጀ ከሆነ ፍትሐቱን ለብቻሽ አታስደርጊ። እነሱን ጠይቀሽ ከእነሱ ጋር ሁኚ። ስለ ወጪውም አታንሺባት። ለተዝካሩ ገንዘብ ከደሞዟ ቆርጣ ልካ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። መስከረም 5 ከእንቁጣጣሽ አራት ቀን በኋላ ነው። በአበባ ያጌጠውን «እንኳን አደረሰሽ» ለሁሉም ስትልኪ ለእሷም ሳታስቢው ሊሄድ ይችላል። ሐዘን ያለበት ቤት ዓመቱን በዓል ቀዝቀዝ አድርጎ ነው የሚያሳልፈው። አበባ ልከሽ በአራተኛው ቀን «ነፍስ ይማር» ብትያት ሁለቱም ቃላት ይረክሱባታል። እሷን ከዝርዝሩ አውጫት። ለእሷ በራስሽ ቃል «መልካም ዘመን ይሁንልሽ» ማለት ይበቃል።

ዋናውን መልእክት መቼ ትላኪያለሽ? እኔ የምመርጠው የዋዜማውን ማታ፣ መስከረም 4ን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዕለት የሚገባው ከዋዜማው ምሽት ነው፤ ስለዚህ ቀኑን አላሳለፍሽም። ሌላው ምክንያት ሥራዋ ነው። ጠዋት ብትልኪ ወለል እያጸዳች ወይም ሕፃን ይዛ ታየዋለች፤ የምታለቅስበት ቦታ የላትም። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ይቀድማል። እሷ ሥራ ጨርሳ ክፍሏ የምትገባበትን ሰዓት አንቺ ታውቂዋለሽ። በዚያ ሰዓት ይድረሳት። በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። የድምፅ መልእክት ከፍተሽ ማልቀስ ከጀመርሽ፣ እሷ አንቺን ማጽናናት ልትጀምር ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ነገ አቦ ነው። እማማን እያሰብኳቸው ነው። በረካውን ሳልጠጣ ስነሣ ‹ቁጭ በይ፣ ምርቃቱን ጥለሽ ልትሄጂ ነው?› የሚሉኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ነገ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ስማቸውንም ለካህኑ ሰጥቻለሁ። ነፍሳቸውን ይማርልን። መመለስ የለብሽም። ማውራት ካሰኘሽ ግን ዛሬ ማታም ነገም ስልኬ አጠገቤ ነው።»

እማማ ያሉትን ቃል በራስሽ አስተካክዪው፤ እኔ በግምት ነው ያስገባሁት። ዋናው እሷ ከሌላ ሰው የማትሰማው ነገር መሆኑ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» መልካም ቃል ነው፣ ግን በለቅሶው ሰሞን መቶ ሰው ብሏታል። እናቷ አንቺን በረካ ሳያጠጡ እንደማያስወጡሽ ሊነግራት የሚችለው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። «ሰጥቻለሁ» ያልሽውንም ሳትሰጪ አትጻፊ። ማንም አያጣራሽም፣ ግን ከካህኑ ጋር ሳትነጋገሪ ጸሎት አስደረግሁ ማለት በሞተ ሰው ስም መዋሸት ነው።

ከአርባው ወዲህ ዝም በማለትሽ ይጸጽትሽ ይሆናል። ግን ይቅርታሽ መልእክቱን አይሙላው። «ጠፋሁብሽ፣ በጣም አፍሬያለሁ፣ አንቺን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም» እያልሽ ከቀጠልሽ ወሬው ስለ አንቺ ይሆናል። ይህን ለሌላ ቀን አቆዪው።

«እግዚአብሔር ወዷቸው ወሰዳቸው»፣ «ከሥቃይ ተገላገሉ»፣ «ጊዜ ሁሉን ያስረሳል» የሚሉትንም ተያቸው። የመጨረሻው በተለይ ለእሷ ከባድ ነው። ቀብር ላይ ያልቆመ ልጅ እርሙን አላወጣም። መርሳት አይደለም የምትፈልገው፤ ያላየችውን ማየት ነው። የቀብሩን ወይም የተዝካሩን ቪዲዮ ግን ሳትጠይቂያት አትላኪ። «እኅትሽ ቀርጻዋለች፣ ሲያሰኝሽ ንገሪኝ» በያት።

ፌስቡክ ላይ የእናቷን ፎቶ አውጥቶ «ነፍስ ይማር» ማለትም ለእሷ መጻፍ አይደለም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የደረሰውን አውቃለሁ። ውጭ ላለው ልጅ መርዶ ሳይነገረው ሰው ፎቶ ለጥፎ፣ ልጁ የአባቱን ሞት ከሥራ እረፍት ላይ ስልኩን ሲከፍት አየው።

መልእክቱን ከላክሽ በኋላ አይታ ዝም ካለችሽ «አየሽው?» አትበያት። ደውላ ካለቀሰች አልቅሺ፣ ቶሎ «በቃ፣ በቃ» አትበይ። «እናቴን እንኳ አልቀበርኩም» ካለችሽ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለሽ አትዝጊባት። ስለ ቀብሩ ንገሪያት፦ ማን እንደነበረ፣ አስከሬኑ በየት በኩል እንደሄደ፣ የት እንዳረፉ። ጌታም «ወዴት አኖራችሁት?» ነው ያለው። ካላወቅሽ የአቦ ቀን ሳይደርስ ሄደሽ ቦታውን እይ።

ከሁሉ ይልቅ እንዳትረሺ የምፈልገው ግን ሌላ ቀን ነው። ሙት ዓመቱ መስከረም 5 ነው፤ ለእሷ ግን እናቷ የሞቱት በደመራ ዕለት ነው። ያን ዕለት ነው ስልኩ የደወለላት። እስከዚያ ድረስ እናቷ በሕይወት እንዳሉ ስታስብ ነበር፤ ምናልባት «ለመስቀል ይሁንሽ» ብላ ገንዘብ ልካም ይሆናል። የአቦን ቀን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ቤተሰቡ ይደውልላታል። በደመራ ግን ሁሉም ችቦ ላይ ነው፤ ማንም አይደውልላትም። ያን ምሽት ከደመራው መልስ ደውይላት፣ ምን ልበል ብለሽ ሳትዘጋጂ። ስልኩን ካላነሣችው በማግስቱ መስቀል ነው፣ ያን ቀንም ሞክሪ።