ብሩን ተከተይው

«ለባንክ ሥራ የጽሑፍ ፈተና ወስጄ ጠባብና ሰፊ የገንዘብ አቅርቦት ላይ ወደቅኩ። ትርጉሙን ሸምድጄዋለሁ። ‹ይህ ቢደረግ የትኛው ይለወጣል?› ሲሉ ግን ተምታታብኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ባንክ ለቃል ፈተና ጠርቶኛል። እንዴት ልዘጋጅ?»

ሽምደዳውን ትተሽ ብሩን ተከተይው። እኔ ፈታኝ ሆኜ ስቀመጥ የምጠይቀው ይህን ነው፦ አንዲት የመርካቶ ነጋዴ 50,000 ብር በፌስታል ይዛ መጥታ ቁጠባ ሂሳቧ ውስጥ አስገባች። ምን ተለወጠ? አንዱ «ጨመረ» ይለኛል፣ ሌላው «ቀነሰ»። የቱ እንደሆነ የሚነግረኝ ግን ጥቂት ነው።

በእኛ ብሔራዊ ባንክ አቆጣጠር ጠባቡ የሚይዘው ከባንክ ውጭ ያለውን ጥሬ ገንዘብና ተንቀሳቃሽ ሂሳብን ነው። ሰፊው በዚያ ላይ ቁጠባንና የጊዜ ገደብ ተቀማጭን ይጨምራል። ካዝና ውስጥ ያለ ብር በአንዱም አይቆጠርም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ የነጋዴዋ ብር ካዝና ሲገባ ጠባቡ በ50,000 ይቀንሳል። ሰፊው ግን ንቅንቅ አይልም፤ በጥሬ ገንዘቡ ቦታ ቁጠባዋ ተተክቷል። ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ውስጥ ብታስገባው ኖሮ ሁለቱም ባልተነኩ ነበር።

አሁን ባንኩ 200,000 ብር አበድሮ በተንቀሳቃሽ ሂሳቧ አስገባላት እንበል። ከማንም አስቀማጭ ሂሳብ ላይ አልተቀነሰም። አዲስ ገንዘብ ነው፤ ሁለቱም በ200,000 ያድጋሉ። ብድሩን ስትመልስስ? ዋናውን ከተንቀሳቃሽ ሂሳቧ ብትከፍል ሁለቱም ይቀንሳሉ። ከቁጠባዋ ብትከፍል የሚቀንሰው ሰፊው ብቻ ነው። ፈታኝ ክፉ ከሆነ ይቺን ይጥልብሻል።

ግብርም አለ። ከተንቀሳቃሽ ሂሳቧ 30,000 ብር ብትከፍል ብሩ ወደ መንግሥት ሂሳብ ይሄዳል። የማዕከላዊ መንግሥት ተቀማጭ በገንዘብ አቅርቦት ውስጥ ስለማይገባ ሁለቱም ይቀንሳሉ። መንግሥት ደመወዝ ሲከፍልበት ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ለየትኛውም ጥያቄ መጀመሪያ «ብሩ ከየት ወጣ? የት ገባ?» በይ። ከዚያ ሁለቱን ቦታዎች ከላይ ካለው ትርጉም ጋር አስተያያቸው።

«ቁጠባዬን እኮ በሞባይል ባፍታ ነው የማወጣው፣ ለምን ጠባቡ ውስጥ አይገባም?» ብትዪ ጥያቄሽ ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥም ይኸው ጥያቄ ተነስቷል። ፌዴራል ሪዘርቭ በ2020 ከቁጠባ ሂሳብ በወር ከስድስት ጊዜ በላይ ማዘዋወርን የሚከለክለውን ገደብ አነሳ። ከዚያም ከግንቦት 2020 ጀምሮ ባለው መረጃ ቁጠባን ጠባቡ ውስጥ ጨመረው። ኤም ዋን የሚሉት ጠባቡ ከ5 ትሪሊዮን ዶላር በታች የነበረው ባንድ ወር ከ16 ትሪሊዮን በላይ ሆነ። የተቀየረው አቆጣጠሩ ስለሆነ ሰፊው በዚህ ምክንያት አልጨመረም። ፈታኙ የዚያን ጊዜ ግራፍ አውጥቶ «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ካለሽ «ከየትም» በይው።