ለክሊኒክ ማስታወቂያ ስንት ማይል? እኛ በ15 ማይል የከሰርነው

«ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ክሊኒክ ከፍተናል። የሜሪላንድ ሜዲኬይድ እንቀበላለን። ጉግል ላይ ማስታወቂያ ልናወጣ ነውና ዙሪያውን ስንት ማይል ብናደርገው ይሻላል? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩን።»

እህቴ፣ ማይሉን ከመምረጥሽ በፊት የስቴቱን ድንበር እዪ። ባለቤቴ ሐኪም ናት፤ ቢሮውን የምይዘው እኔ ነኝ። የኛም ክሊኒክ እዚያው ሰፈር ስለሆነ የደረሰብንን ልንገርሽ።

1. በማይል በሚሰመር ክብ አትተማመኚ። ማስታወቂያውን የሚሠራልን አንድ ድርጅት ነበር። 15 ማይል አድርጎ ከፈተው። ለምን እንደዚህ ሰፋ ስለው «ብዙ ሰው ካየው ብዙ ይመጣል» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ጉግል ክብ ሲያሰምር ወንዝ አያይም፣ ድልድይ አያይም፣ የስቴት መስመርም አያይም። ከሲልቨር ስፕሪንግ 15 ማይል ማለት ፖቶማክን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ይገባል። የቨርጂኒያ ሜዲኬይድ ደግሞ፣ ከድንገተኛ ሕክምና በቀር፣ እኛ ጋ አይሠራም። ባለቤቴ ፈቃዷ የሜሪላንድ ብቻ ስለሆነ በቪዲዮም ልታያቸው አትችልም። በቪዲዮ ሕክምና የሚቆጠረው በሽተኛው የተቀመጠበት ስቴት ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ። ከአሌክሳንድሪያ ተነስተው፣ ሜትሮ ቀይረው፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዘው ነው የመጡት። ካርዳቸውን ሲሰጡኝ የቨርጂኒያ ነው። ማስታወቂያውን ልጃቸው ነበር ያሳያቸው። ባለቤቴ በነፃ ለክታ፣ አረጋግታ፣ በሰፈራቸው የሚቀበላቸው ክሊኒክ ስልክ ደውላ አገኘችላቸው። ቢሆንም ያን ሁሉ መንገድ ያስመጣናቸው እኛ ነን። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የደዋዮቹን ደብተር አውጥቼ ቆጠርኩ። በወሩ 1,200 ዶላር አውጥተናል። 74 ሰው ደውሏል። 41ዱ ልናያቸው የማንችላቸው የቨርጂኒያና የዲሲ ሜዲኬይድ ያላቸው ናቸው። በሽተኛ የሆነልን 9 ሰው ብቻ። አንዱ በ133 ዶላር መጣ ማለት ነው።

2. ይሄ ከማይሉም ይብሳል። ከ74ቱ 6ቱ የደወሉት ከአዲስ አበባ ነበር፤ ለዘመድ ሐኪም የሚያፈላልጉ። ክባችን ሜሪላንድ፣ ደዋዩ አዲስ አበባ፣ እንዴት ይሆናል ብዬ ግራ ገባኝ። ለካ በካምፔኑ ሴቲንግ ውስጥ Location options የሚል አለ። ሳትነኪው ከተውሽው Presence or interest ላይ ነው ያለው። ቦታው ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ስለ ቦታው የፈለገውንም ይጨምራል። ቨርጂኒያ ቁጭ ብሎ «ሲልቨር ስፕሪንግ ሐኪም» ብሎ የጻፈም ያየዋል። Presence የሚለውን ምረጪ። ድርጅቱን ስጠይቀው «እሱ ጉግል ራሱ የሚመክረው ነው» አለኝ። የሚከፍለው ግን እኔ ነኝ! ከዚያ ወዲያ ራሴው ተማርኩት።

ክቡን ጨርሼ አጠፋሁት። ብታሳንሺውም ዋጋ የለውም፤ 5 ማይል ቨርጂኒያን አይነካም፣ ከዲሲ ግን ሰፊ ቦታ ይዞ ይገባል። በምትኩ ዚፕ ኮድ በዚፕ ኮድ አስገባሁ፦ 20910፣ 20901፣ 20902፣ 20903፣ 20904፣ የታኮማ ፓርኩን 20912 ጨምሬ። ከዚያ Virginia እና District of Columbia ብዬ ሁለቱንም በሙሉ Exclude አደረግሁ። አንድ ቦታ የገባም የተከለከለም ከሆነ የሚያሸንፈው ክልከላው ነው።

ዲሲን መዝጋት ግን አንጀቴን በልቶታል። የግል ኢንሹራንስ ያላቸው፣ በእግራቸው መጥተው የሚታከሙ የዲሲ ሰዎች አሉና። ከሁለት ወር በኋላ ለነሱ ለብቻው ትንሽ ካምፔን ከፈትኩ። ማስታወቂያው ላይ «በአካል ብቻ፣ የግል ኢንሹራንስ» ብዬ ጻፍኩ። ዋናው ካምፔን ላይ ዲሲ እንደተዘጋ ነው።

በተስተካከለው የመጀመሪያ ወር 700 ዶላር አወጣን። 31 ሰው ደወለ፣ 14ቱ በሽተኛ ሆኑ። 50 ዶላር ለአንድ። ስልኩ ሲቀንስ እንዳትደነግጪ።

ድንበሩ ላይ ግን መንሸራተት አለ። ኢስተርን አቬኑ ላይ ከመንገዱ ወዲህ ሜሪላንድ፣ ወዲያ ዲሲ ነው። ጉግል የስልኩን ቦታ የሚገምተው ስለሆነ አንዳንዴ ይስታል። ደግሞም የሚያየው ሰውየው ያለበትን ወይም አዘውትሮ የሚገኝበትን ቦታ እንጂ ካርዱን አይደለም። ቨርጂኒያ እየኖረ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራ ሰው በምሳ ሰዓት ማስታወቂያሽን ያየዋል። ስለዚህ ስልክ የምታነሳው ልጅ ከስም በፊት «የሜዲኬይድ ካርድዎ የየትኛው ስቴት ነው?» ብላ ትጠይቅ። የኛዋ ጥያቄውን በወረቀት ጽፋ ስልኩ ላይ ለጥፋዋለች። ቀጠሮ የምትይዘው መልሱን ከሰማች በኋላ ነው።