ጠንካራ ብር ሲባል ማን ይጠቀማል?

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በባንክ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ነው። ዛሬ ሰበታ ድረስ መጥቼ ክበባችሁን ሳነጋግር አንድ ነገር ብቻ በደንብ እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ። ብር በዶላር ፊት «ጠነከረ» ሲባል፣ ያጠነከረው ምን እንደሆነ ጠይቁ። አገር ብዙ ሸጣ ዶላር ስታገኝ ብሯ ቢጠነክር መልካም ነው። በመመሪያ ብቻ ተይዞ ሲጠነክር ግን ሸክሙ የሚያርፈው በሚያመርተው ሰው ላይ ነው።

በደርግ ዘመን አንድ ዶላር 2.07 ብር ነበር፤ ዋጋው ወደ 20 ዓመት ገደማ ሳይነቃነቅ ቆይቶ በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። እኔ በቅርብ ያየሁት ግን የኋለኛውን፣ አንድ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረበትን ጊዜ ነው። ጥቁር ገበያው በእጥፍ ይሸጠው ነበር።

ለምሳሌ አንድ ላኪ አንድ ኩንታል ሰሊጥ በ10,000 ብር ገዛ እንበል። ውጭ አገር በ150 ዶላር ሸጠው። በ57 ሲመነዘር 8,550 ብር ነው፤ 1,450 ብር ከሰረ። ታዲያ ለምን ይልካል? የዶላሩን ግማሽ ለራሱ ቢያስቀሩለት፣ በ75 ዶላር ጎማ ወይም ቆርቆሮ ያስመጣበታል። ባንክ 4,275 ብር የሚያወጣውን ዶላር፣ ዕቃው ገበያ ላይ በ110 ሂሳብ 8,250 ብር ያደርገዋል። ኪሳራው ተሸፍኖ ትርፍ ይተርፋል፤ የትራንስፖርቱንና የቀረጡን ወጪ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

አስመጪ ያልሆነው ላኪ፣ ለምሳሌ የገበሬ ማኅበር፣ ይህ መካሻ የለውም። በዚያው ሰሊጥ ከአስመጪው ጋር እየተሻማ በውድ ይገዛል፣ በኪሳራ ይልካል፣ ቀስ በቀስም ይወጣል። እዚሁ ጫማ የሚሰፋው ደግሞ በባንክ ዶላር ርካሽ ሆኖ ከሚገባ ጫማ ጋር ይፎካከራል። ዶላር በዚያ ዋጋ ሁሉም ስለሚፈልገው አይበቃም፤ ወረፋው ይረዝማል። አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ባለቤት ለመለዋወጫ ኤልሲ፣ ማለትም ባንኩ ለውጭው ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበትን ሰነድ፣ ለማስከፈት ወራት ሲመላለስ ከመስኮቴ ፊት ቆሞ አይቼዋለሁ። ማሽኑ ቆሞ ሠራተኞቹን በትኖ ነበር፤ የምሰጠው መልስ ስላልነበረኝ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብሩ በፍጥነት ወረደ። ቀድሞ በድንበር ሾልኮ ይወጣ የነበረ ወርቅም ወደ ብሔራዊ ባንክ በብዛት መግባት ጀመረ። ይህን ብዬ ግን ሌላውን አልደብቃችሁም። ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ የምንገዛው በዶላር ነው፤ ብር ሲረክስ እናታችሁ በገበያ ቅርጫቷ ታውቀዋለች። የውጭ ዕዳውም በብር ሲቆጠር ያብጣል። ጥቅሙ ደግሞ ቶሎ አይደርስም። ዛሬ ዋጋው ጥሩ ነው ብሎ ቡና የተከለ ገበሬ ምርት ለማየት ሦስት አራት ዓመት ይጠብቃል፤ ዘይቱ ግን በዚያው ሳምንት ይወደዳል።