ዓይን ያየውን ጆሮ አይድገመው

«ለዘጋቢ ፊልሜ አንድ አዛውንት ሰዓት ጠጋኝ ሱቃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘጉ ቀርጬ ነበር። ኤዲተሬ ትረካህ ምስሉን ይደግማል ብሎ አሰለቸኝ።»

ኤዲተርህ ልክ ነው። የላክኸውን አየሁት፤ አዛውንቱ መዝጊያውን ይስባሉ፣ ጎንበስ ብለው ይቆልፋሉ። 12 ሰከንድ። አንተ ደግሞ ከላይ «አዛውንቱ በሚንቀጠቀጡ እጆቻቸው በሩን ይቆልፋሉ» ትላለህ። እያየናቸው እኮ ነው ወንድሜ! (አልፈርድብህም፤ እኔም የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ፀሐይ ስትወጣ እያሳየሁ «ፀሐይ ወጣች» ብያለሁ።)

ካሜራው ምን እንደማይችል አስብ። ትናንትን አያሳይም፣ ምክንያትን አያሳይም፣ ያልመጣን ሰው አያሳይም። ቃለ መጠይቁ ላይ አዛውንቱ ጠግነዋቸው ባለቤቶቻቸው ስላልወሰዷቸው ሰዓቶች ነግረውህ የለ? እሱን ጥለህ ስለ እጃቸው ታወራለህ። እንዲህ ብትለውስ፦ «ውስጥ 31 የእጅ ሰዓቶች አሉ። ሁሉም ይሠራሉ። የሚወስዳቸው ግን አልመጣም።» በሩ ያው በር ነው፣ አሁን ግን ከጀርባው ያለውን እያሰብን ነው የምናየው።

ይህን ጮክ ብለህ አንብበህ በሰዓት ያዘው፤ 6 ሰከንድ አካባቢ ይወስዳል። ቁልፉ ከመዞሩ በፊት እንዲያልቅ አድርገህ አስቀምጠው። የቀረው ጊዜ የቁልፉ ድምፅ ነው፣ እባክህ ሙዚቃ አትጫንበት። «ልባቸው ተሰበረ» የምትለውንም አውጣት። እሳቸው ካላሉህ ልባቸውን የት አየኸው?

ለሌላው ክፍል ደግሞ ድምፁን አጥፍተህ ፊልሙን እይና የገባህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍ። ከዚያ ትረካህ ውስጥ ወረቀቱ ላይ ያለውን የሚደግመውን ሁሉ ሰርዝ። ሲያልቅ ዓይንህን ጨፍነህ ስማው። ያለ ምስል ሙሉ ታሪኩ ከገባህ አሁንም ብዙ እያወራህ ነው ማለት ነው።

«ምስሉ ምን እንደሆነ ተመልካቹ ባያውቅስ? ዝም ልበል?»

አይ፣ ያኔ ንገሪው እንጂ። በማይክሮስኮፕ የተነሳ ሴል ወይም ከአየር ላይ የተቀረጸ መሬት ስም ካልተሰጠው ግራ ያጋባል። አንዴ ስሙን ጥሪና ወደ ታሪክሽ ተመለሺ። ማየት ለተሳናቸው የሚዘጋጀው የምስል ገለጻ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በሌላ የድምፅ ትራክ ይሄዳል፤ እሱን ከትረካሽ ጋር አታደባልቂው፣ ሁለቱም ይበላሻሉ።

«ተራኪው ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ መሆን አለበት?»

የለበትም።

«ከኢንተርኔት ያወረድኩትን የቆየ ፊልም ከትረካዬ ጋር ባስገባ፣ ምንጩን ከጠቀስኩ አይበቃም?»

አይበቃም። ምንጭ መጥቀስና ፈቃድ ማግኘት ይለያያሉ። «የቆየ ነው» ማለትም ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ይሄን እኔን አትጠይቀኝ፤ የቅጂ መብት የሚያውቅ ጠበቃ ጋ ሂድ፣ ያውም ፊልሙን ለሰው ከማሳየትህ በፊት።