ደረቅ ያለውን የሪፖርት ዓረፍተ ነገር እንዴት ላለስልሰው?

ጥያቄ፦ የጥናት ሪፖርት ረቂቅ እየጻፍኩ ነው። አማካሪዬ አንብበው «ሮቦት የጻፈው ይመስላል» አሉኝ። ላቅልለው ስሞክር ደግሞ ወሬ ሆነብኝ። ይቺን እንዴት ላስተካክላት? «በጥናቱ ቡድን አማካኝነት ለ120 ተሳታፊዎች መጠይቅ የማሰራጨት ሥራ የተከናወነ ሲሆን፣ በተገኘው ምላሽ ላይ ትንተና እንዲደረግ ተደርጎ በእንቅልፍ ማነስና በውጤት መቀነስ መካከል ግንኙነት ያለ መሆኑን ለማረጋገጥ ተችሏል።»

መልስ፦ ችግሩ የቃላቱ ክብደት አይደለም። «መጠይቅ»፣ «ተሳታፊ»፣ «ትንተና» የሙያው ቃላት ናቸው፤ አይንኳቸው። ያደረቁት ግሶቹ ናቸው። እውነተኛው ድርጊት ስም ሆኖ ተቀምጦ፣ የግሱን ቦታ «ተከናወነ»፣ «ተደረገ»፣ «ተቻለ» ይዘውታል። እነዚህ ብቻቸውን ምንም አይነግሩንም።

ስለዚህ «ማን ምን አደረገ?» ብለው ይጠይቁ። ቡድኑ አሰራጨ፤ ቡድኑ ተነተነ። «በቡድኑ አማካኝነት» የሚለው ቀርቶ ቡድኑ ራሱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይሁን። «ትንተና እንዲደረግ ተደርጎ» የሚለውማ ጆሮን ከመጎርበጥ አልፎ ያሳስታል፤ አንባቢው ቡድኑ ራሱ ተነተነው ወይስ በሌላ ሰው አስተነተነው ብሎ ግራ ይጋባል።

ቀጥሎ «የተከናወነ ሲሆን»ን ይመልከቱ። ይህ «ሲሆን» ሁለት ሐሳቦችን ይለጥፋል እንጂ እንዴት እንደሚገናኙ አይናገርም። የሁለቱ ድርጊቶች ባለቤት አንድ ከሆነ አማርኛ ቦዝ አንቀጽ አለው፦ «አሰራጭቶ ተነተነ»። ባለቤቱ ከተለወጠ ግን አብዛኛውን ጊዜ አራት ነጥብ ማድረጉ ይሻላል። እዚህም ከቡድኑ ወደ ግኝቱ ስንሻገር እንዲሁ እናድርግ፦

«የጥናቱ ቡድን ለ120 ተሳታፊዎች መጠይቅ አሰራጭቶ ምላሾቹን ተንትኗል። ትንተናው በእንቅልፍ ማነስና በውጤት መቀነስ መካከል ግንኙነት እንዳለ ያመለክታል።»

«ለማረጋገጥ ተችሏል»ን በ«ያመለክታል» የተካሁት ሆን ብዬ ነው። አንድ መጠይቅ ግንኙነት ቢያሳይ ነገሩ ተረጋገጠ አይባልም። ሲያቀሉት ወሬ የሆነብዎትም እዚሁ ጋ ይመስለኛል። «ትንሽ የሚተኛ ሰው ውጤቱ ይወርዳል» ቢሉ ዓረፍተ ነገሩ ይጥማል፤ ግን ግንኙነቱን መንስኤና ውጤት አደረጉት። ጥናቱ ይህን አላለም። የምሁር ጽሑፍን ምሁራዊ የሚያደርገው ይህ ጥንቃቄ ነው፤ «ይጠቁማል»፣ «ሊሆን ይችላል» የመሳሰሉትን በማሳጠር ሰበብ አያጥፏቸው።

ተደራጊ ግስ ሁሉ ይጥፋ ማለቴም አይደለም። «ተሳታፊዎቹ በዕጣ ተመረጡ» ያማረ አማርኛ ነው፤ ዕጣውን ያወጣው ማን እንደሆነ ለአንባቢው ምንም አይጨምርለትም። «ቃለ መጠይቅ አካሄደ»ንም ይተዉት፤ ስሙን የሚተካ አንድ ግስ የለንም። «የማሰራጨት ሥራ አከናወነ» ሲሆን ግን «አሰራጨ» አለልዎት።