ለወላጆች ደብዳቤ ለምትጽፉ ወጣት አሰልጣኞች

ባለፈው ሳምንት፣ በአንድ ወቅት እኔ ዘንድ ይሰለጥን የነበረና ዛሬ ራሱ የታዳጊዎች እግር ኳስ ፕሮጀክት የያዘ ወጣት ደወለልኝ። «ኮች፣ የልምምድ ሰዓት ልንቀይር ነው። ለወላጆች በምጽፈው ደብዳቤ ላይ ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰናበታል ልበል ወይስ አምስት ላድርገው?» አለኝ። መልሼ እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁት። ጥያቄው ስለ ቁጥር ቢሆንም እኔን የወሰደኝ ወደ አንድ ግራ እግረኛ ልጅ ስለነበር ወዲያው መልስ አልመጣልኝም።

ነገሩ የሆነው በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆኑ 22 ልጆች ነበሩኝ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከትምህርት በኋላ በ10 ሰዓት እንለማመድ ነበር። ከጥምቀት በፊት ሜዳው በሥራ ቀናት ከሰዓት በኋላ ለአዋቂዎች ቡድን ስለተሰጠ ልምምዱን ወደ ማለዳ አዛወርኩትና ለወላጆች አራት መስመር ደብዳቤ ጻፍኩ። «ከጥምቀት ማግሥት ካለው ሰኞ ጀምሮ ልምምድ በ12 ሰዓት ይጀመራል። ሦስት ጊዜ የቀረ ሰልጣኝ ይሰናበታል። ምንም ዓይነት ምክንያት ተቀባይነት የለውም።» አራተኛው መስመር ስሜና ፊርማዬ ነበር። በደብዳቤው ኮርቼበት ነበር፤ አጭርና ቆራጥ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተት በዚያው ሰኞ ታየ። ከጠዋቱ ይሁን ከምሽቱ ስላልጻፍኩ አንድ አባት ልጃቸውን ማታ 12 ሰዓት ይዘው መጥተው ሜዳው ላይ አዋቂዎቹን አገኙ። ሁለተኛው ስሕተት ሰማይ ላይ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በጥር ወር ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12:45 ገደማ ነው። ስለዚህ በ12 ሰዓት ሜዳ ላይ እንዲገኝ የሚጠበቅ የ13 ዓመት ልጅ፣ ግማሽ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ፣ ከቤት የሚወጣው ጨለማው ሳይገፈፍ፣ ውሻው ሁሉ መንገዱን እንደያዘ ነው። ኳሱን እንኳ በደንብ ማየት የቻልነው ማሟሟቂያውን ከጨረስን በኋላ ነበር። እኔ ግን የተመለከትኩት ሜዳው ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስሕተት እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ነው። ግራ እግረኛው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ መጣ፤ ረቡዕና ዓርብ ቀረ። በሁለተኛውም ሳምንት ሰኞ ከሁሉም ቀድሞ ተገኘ፤ ረቡዕ ቀረ። ሦስት ሞላ። ዓርብ ጠዋት ስሙ ላይ ቀይ መስመር አሰመርኩና ለጓደኛው «ንገረው» አልኩት። እናቱን አላነጋገርኩም፤ ልጁንም አልጠየቅኩም። በልጆቹ ፊት ቃሌን የጠበቅኩ መስሎ ተሰምቶኝ እንደነበርም አልደብቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ዕለት ከልምምድ ስመለስ ሻይ ልጠጣ ወደ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባሁ። ልጁ በላስቲክ የተጠቀለለ እንጀራ ተሸክሞ በጓሮ በር ሲገባ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አቀርቅሮ አለፈ። ባለቤቷን ስጠይቅ እናቱ እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡ ሴት መሆናቸውን ነገሩኝ። በአዘቦት ቀን 20 እንጀራ ስለሚበቃ እናትየው ራሳቸው ያመጡታል፤ ረቡዕና ዓርብ ግን የጾም ቀን ስለሆነ በያይነቱ የሚበላው ሰው ይበዛል፣ እንጀራውም 60 ይደርሳል፣ ያን ጊዜ ልጁ ከትምህርት በፊት ሁለት ጊዜ ይመላለሳል።

ቤት ገብቼ የስም መዝገቡን ገለጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የቀሪ ምልክቶችን በየስሙ እየደመርኩ እንጂ በየዕለቱ ዓምድ እያየሁ አላነበብኳቸውም ነበር። የልጁ ምልክቶች ሁሉ ረቡዕና ዓርብ ላይ ነበሩ፤ ሰኞ ላይ አንድም የለም። ሰነፍ ልጅ ቀን መርጦ አይቀርም፤ በቋሚ ቀን የሚቀር ልጅ ቤቱ ውስጥ በዚያ ቀን የሚጠብቀው ሥራ ወይም ሸክም አለው። ይህን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ከበቂ በላይ ነበር።

በነጋታው ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እናትየው ደብዳቤ ስለመጻፌ ፈጽሞ አልሰሙም። ልጁ ወረቀቱን ደብተሩ ውስጥ ደብቆት ኖሯል፤ ካዩት ኳሱን እንድተው ያደርጉኛል ብሎ ፈርቶ ነው። «ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?» ስለው፣ «ምክንያት ተቀባይነት የለውም ብለው ጽፈዋል» አለኝ።

እናንተ የዛሬዎቹ በቴሌግራም ቡድን ላይ ማስታወቂያ ለጥፋችሁ የታየበት ምልክት ሲመጣ ጉዳዩ አለቀ ትላላችሁ። የተነበበና የደረሰ መልእክት አንድ አይደለም። ስልኩ በልጁ እጅ ከሆነ ደግሞ ደብተር ውስጥ ከተደበቀው ወረቀት በምን ይለያል? እርግጥ እኔም ወረቀቱን በልጁ እጅ ልኬ ነው የተሳሳትኩት፤ ስለዚህ በእናንተ ላይ ብዙ የመናገር መብት የለኝም።

በዚያው ወር ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩት። ሜዳውን የሚያስተዳድሩትን ስጠይቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ቀድሞ አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት ነው። አዲሱ ደብዳቤ የሚከተለውን ይል ነበር።

«ልምምድ ሰኞና ዓርብ ከጠዋቱ 12:45 እስከ 1:40፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ይሆናል። ይህ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይጸናል። ልጅዎ የማይመጣበት ቀን ካለ አስቀድመው በቃል ወይም በጓደኛው በኩል ያሳውቁን፤ አስቀድሞ የተነገረ ቀሪ ከቀሪ አይቆጠርም። ሳይነገር ሁለት ጊዜ ከቀረ አሰልጣኙ ቤትዎ ድረስ መጥቶ ያነጋግርዎታል። በቤት ሥራ ምክንያት ፈጽሞ የማይመቸውን ቀን ከታች ባለው ክፍት ቦታ ጽፈው ይመልሱልን።»

መጨረሻውን 1:40 ያደረግሁት ልጆቹ ታጥበውና ቁርስ ቀምሰው ለ2:30 ትምህርት እንዲደርሱ ነው። የማብቂያ ሰዓት የሌለው ደብዳቤ እናትን ከመምህሩ ጋር ያጣላል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ ሙስሊም ልጆች ያሉት አሰልጣኝ ያምናውን ሰዓት ገልብጦ መላክ አይችልም።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ ሳይናገር የቀረን ልጅ እኔም በቀጣዩ ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ሦስት ጊዜም ሆነ አንድ ጊዜ። አንዳንዶቻችሁ ይህ ከላይ ካልኩት ጋር ይጋጫል ትሉ ይሆናል። ሊጋጭ ይችላል፤ እኔ ግን መቅረትንና አለመናገርን አንድ አድርጌ አላያቸውም።

ከ22ቱ ደብዳቤዎች 17ቱ ተመለሱ። በስድስቱ ላይ የማይመች ቀን ተጽፎባቸዋል። የግራ እግረኛው ልጅ ወረቀት ጎረቤት ጽፎበት እናትየው በጣታቸው ፈርመውበት መጣ፤ «ዓርብ» ይላል። እስከ ክረምቱ መግቢያ ሰኞና ቅዳሜ ሲመጣ ቆየ፤ በክረምቱ ቤት ቀይረው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱና ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ለደወለልኝ ወጣት ትናንት መልሼ ደወልኩለት። ሦስትም አምስትም አላልኩትም፤ ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት ያለፉትን ሁለት ወራት የስም መዝገብ ይዞ ቤቴ እንዲመጣ ነው የነገርኩት።